ስልኩን ፎርማት ከማድረግ በፊት

ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ በሚገኙ ስልክ ቤቶች ትንሽ የቆየ ሰው አንድ አቤቱታ ደጋግሞ ይሰማል። «ቴሌግራሜን ሃክ አደረጉት፣ ምን ይሻለኛል?» መልሱም ብዙ ጊዜ ያው ነው፦ «ፎርማት ላድርግልሽ፣ ይጠራል።» ልጆቹ በክፋት አይደለም የሚሉት። ችግሩ ስልክ ላይ የተጫነ ተንኮለኛ መተግበሪያ ሲሆን ፎርማት በእርግጥ ይረዳል። አካውንቱ ለተሰረቀበት ሰው ግን ፎርማት ማድረግ በእጁ የቀረችውን አንዲት ትልቅ ዕድል መጣል ነው። ይህ በዝምታ የሚታለፍ አልመሰለኝም።

ቦሌ ውስጥ የልጆች ልብስ የምትሸጥ አንዲት ወዳጄ የደረሰባትን ልንገራችሁ። አርብ ማታ ከምታውቃት ሰው አካውንት «ልጄ የሥዕል ውድድር ላይ ነች፣ ድምፅ ስጪልኝ» የሚል መልእክት ከሊንክ ጋር ደረሳት። ሊንኩ ስልክ ቁጥሯን ጠየቃት፣ ከዚያም ቴሌግራም የላከላትን ኮድ። ሞላችው። ብዙም ሳይቆይ በእሷ ስም ለዘመድ ለወዳጅ «በቴሌብር ገንዘብ ላኩልኝ፣ ጠዋት እመልሳለሁ» የሚል መልእክት ተበተነ። ነገሩን ያወቀችው አያት የሚኖሩት አክስቷ ደውለው «ልጄ፣ ምን ገጠመሽ? ቤት ሰላም ነው?» ሲሏት ነው።

አብረን ስልክ ቤት ስንደርስ ልጁ ፎርማቱን ሊጀምር ነበር። እንዲቆይ ለመንኩትና ቴሌግራሟን ከፍተን Settings ከዚያም Devices ገባን። እዚህ ገጽ ላይ አካውንቱ የተከፈተባቸው ስልኮችና ኮምፒውተሮች ሁሉ ከነመተግበሪያቸው፣ ከነአገራቸውና መጨረሻ ከተጠቀሙበት ሰዓት ጋር ተዘርዝረዋል። ከላይ የራሷ ስልክ አለ። ከሥሩ የማታውቀው አንድ የአንድሮይድ ስልክ፣ ከዚያ ደግሞ አንድ የዊንዶውስ ኮምፒውተር።

ሌባው የገባው ወደ ስልኳ አይደለም። በሰጠችው ኮድ በራሱ ስልክ ላይ አካውንቷን ከፍቷል፤ ስለዚህ የእሷ ስልክ ቢታጠብ ቢጠራ እሱን ንክች አያደርገውም። ቴሌግራም ደግሞ አንድ ጥሩ ደንብ አለው፦ አዲስ የገባ መሣሪያ 24 ሰዓት ሳይሞላው ሌሎቹን ማስወጣት አይችልም። ወዳጄ በነባሩ ስልኳ ላይ እስካለች ድረስ ሌባውን ማባረር ትችላለች፣ እሱ ግን እስከ ቅዳሜ ማታ እሷን ማባረር አይችልም። ስልኩ ፎርማት ቢደረግ ይህ ይገለበጣል። እንደገና ስትገባ አዲስ ገቢ እሷ ትሆናለች፤ 24 ሰዓቱም እሷ ላይ ይቆጠራል። ሌባው የእሱ ጊዜ እንደሞላለት ያስወጣታል። ከዚያም በላይ ቴሌግራም የመግቢያ ኮዱን የሚልከው መጀመሪያ አካውንቱ ወደተከፈተበት መተግበሪያ ነው። ያኔ አካውንቷ የተከፈተው ሌባው እጅ ላይ ነው።

ከማስወጣታችን በፊት ግን ዝርዝሩን ስክሪንሾት አነሳን፤ የማይታወቀውን መሣሪያ ነካ አድርገን ሞዴሉንና የሚታየውን ሌላ መረጃ ሁሉ ጭምር። መሣሪያው አንዴ ከተባረረ ይህ መረጃ ከዝርዝሩ ይጠፋል። ያለ ፈቃድ ወደ ሰው የኮምፒውተር ሥርዓት መግባት በአዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል ነውና፣ ብር የላከ ዘመድ ፖሊስ ጋ ሲሄድ በእጁ የሚይዘው ነገር ያስፈልገዋል።

ከዚያ «Terminate All Other Sessions» የሚለውን ተጫንን። ከእሷ ስልክ በቀር ሁሉም ወጡ።

ቀጥሎ Privacy and Security ውስጥ Two-Step Verification ገብታ የይለፍ ቃል አወጣች፣ የመልሶ ማግኛ ኢሜይልም አስገባች። ብዙ ሰው ይህን ነው የሚያስቀድመው። የይለፍ ቃሉ ግን የሚያግደው ከአሁን በኋላ ሊገባ የሚሞክረውን ነው፤ ቀድሞ ገብቶ የተቀመጠውን አያስወጣም። ስለዚህ መጀመሪያ ማስወጣት፣ ከዚያ መቆለፍ። ሌባው ቀድሞ የራሱን የይለፍ ቃል አድርጎበት ከሆነም ነባሩ ስልክ ያድናል፤ ሌባውን አስወጥቶ የይለፍ ቃሉ እንዲነሳ ከዚያው ሴቲንግ ላይ መጠየቅና 7 ቀን መጠበቅ ነው። ስልኩን ፎርማት ያስደረገ ሰው ግን ያን የማያውቀውን የይለፍ ቃል ይጠየቃል፤ የሚቀረው ምርጫ አካውንቱን ከነመልእክቱ ሰርዞ እንደ አዲስ መጀመር ይሆናል።

ዝርዝሩን ማንበብ ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «Addis Ababa, Ethiopia» የሚል ስላዩ የራሴ ነው ብለው አይለፉት። ቦታው የሚገመተው ከአይፒ አድራሻው ነው፤ ክፍለ ሀገር ያለ ሰውም አዲስ አበባ ተብሎ ሊታይ ይችላል። በተቃራኒው የውጭ አገር ስም ሁሉ ሌባ አይደለም። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለአምስት ወራት ያህል ቴሌግራም፣ ፌስቡክና ዩቲዩብ በታገዱ ጊዜ ስንቶቻችን ቪፒኤን እንደጫንን ይታወቃል። ቪፒኤን ያበራ ሰው የገዛ ስልኩ ኔዘርላንድስ ወይም አሜሪካ ሆኖ ይታየዋል። ከቦታው ይልቅ የስልኩን ሞዴል ማመሳከር ይሻላል፤ የራስዎን ሞዴል About phone ውስጥ ያገኙታል። ሰዓቱም ሰው ያሳስታል። 3:40 AM ማለት በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ40 ነው፤ ያን ሰዓት እርስዎ ተኝተው ከነበር ሌላ ሰው ነቅቶ ነበር ማለት ነው።

ያ የዊንዶውስ ኮምፒውተርስ? የሌባው አልነበረም። ወዳጄ አስባ አስባ አስታወሰችው፦ ገርጂ የሚገኝ አንድ ፕሪንት ቤት። ከወራት በፊት የንግድ ፈቃድ ኮፒ ልታወጣ ቴሌግራሟን እዚያ ከፍታ ሳትዘጋው ወጥታለች። ከመገናኛ እስከ ሲኤምሲ ባሉ ፕሪንት ቤቶች በየቀኑ የሚሆን ነገር ነው። ቴሌግራም ለ6 ወር ያልተነካን መሣሪያ በራሱ ያስወጣል፤ ፕሪንት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ግን ቴሌግራሙ በየጠዋቱ ስለሚከፈት ያ ስድስት ወር መቼም አይሞላም። የፕሪንት ቤት ባለቤቶች ደንበኛው ከመውጣቱ በፊት «ዘግተሃል?» ብለው ቢጠይቁ ምንም አያወጡም። ረስቶ የሄደውም ተመልሶ ገርጂ መሄድ አያስፈልገውም፤ ባለበት ሆኖ ከራሱ ስልክ Devices ገብቶ ያስወጣዋል።

የመጨረሻው ሥራችን ኢሜይሏ ነበር። የቴሌግራም ይለፍ ቃል ማስመለሻ አሁን ኢሜይሏ ላይ ስለሆነ ጂሜይሏ በሌላ ሰው እጅ ከሆነ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። myaccount.google.com ላይ ገብተን Security ውስጥ Your devices የሚለውን አየን፤ አካውንቱ አሁን የተከፈተባቸውን ወይም ባለፉት ጥቂት ሳምንታት ተከፍቶባቸው የነበሩትን መሣሪያዎች ያሳያል። ከአንድ የድሮ ስልኳ በቀር የሚያሰጋ አልነበረም። እሱንም ሸጣዋለች፣ ስለዚህ Sign out አልነው። ቀጥሎ በጉግል አካውንቷ የገባችባቸውን መተግበሪያዎች ዝርዝር ከፈትን። አንድ የፎቶ ማሳመሪያ ጉግል ድራይቭ ውስጥ ያለውን ፋይል ሁሉ እንዲያይ ፈቃድ ተሰጥቶታል፤ መቼ እንደፈቀደችለት እንኳ አታስታውስም። እንዲህ ያለው ፈቃድ ከይለፍ ቃሉ የተለየ ነው፤ ይለፍ ቃል በመቀየር ብቻ ይነሳል ብሎ መተማመን አይቻልም። መተግበሪያውን ነክተን ግንኙነቱን አጠፋነው፣ ከዚያ የጂሜይሉን ይለፍ ቃል ቀየረች።