«ጫናማ የአጋሰስ ነው»

ነፋስ መውጫ፣ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ተጨናንቀን ኳስ እናያለን። ከስማዳና ከእስቴ የመጡ ጓደኞቻችንም አሉ። ኮሜንታተሩ በየደቂቃው «ፕሬሲንግ» ይላል። አጠገባችን የተቀመጡ አዛውንት «ምንድን ነው እሱ?» አሉን። ከእኛ አንዱ ከሬዲዮ እንደለመደው «ጫና መፍጠር ነው አባባ» አላቸው። ሳቁብን። «ጫናማ የአጋሰስ ነው። እነዚህ እኮ ሰውየውን እያዋከቡት ነው!»

እውነታቸውን ነው። በረኛው ኳሷን ለተከላካዩ ሲያቀብል ሁለት ሦስት አጥቂዎች ይሮጡበታል፤ ሌሎቹ ደግሞ ሊያቀብላቸው የሚችለውን ጓደኞቹን ይይዛሉ። ዓላማው ጊዜ አሳጥቶ ማሳሳት ነው። ጫና ክብደትን እንጂ ጥድፊያን አይነግረንም። ማዋከብ ግን ይነግረናል። ደግሞም እንደልብ ይረባል፤ አዋከቡት፣ ተዋከበ፣ አዋካቢ። «ፕሬስ አደረጉት» የሚለው ግን ያለ «አደረጉ» መቆም አይችልም።

የስፖርት ጋዜጠኞቻችን ከዚህ በፊትም በዚሁ መንገድ ተሳክቶላቸዋል። «ክሊን ሺት»ን ቃል በቃል ብንመልሰው «ንጹህ አንሶላ» ብለን መሳቂያ እንሆን ነበር። እነሱ ግን ቃሉን ትተው ነገሩን አዩና «መረቡን ሳያስደፍር ወጣ» አሉ። እንግሊዝኛው ስም ስለሆነ አማርኛውም ስም ይሁን አላሉም። በሩጫው መንደርም «አሯሯጭ» አለልን። የሚያዋልደው አዋላጅ፣ የሚያፋልገው አፋላጊ እንደሆነ ሁሉ፣ አሯሯጭም ሌላውን በሩጫ የሚያግዝ ነው። ፍጥነቱን ጠብቆ ከፊት የሚመራው ለራሱ ድል ሳይሆን ለሌላው ሰዓት መሆኑን ቃሉ ራሱ ያስረዳል።

«ባከነ ሰዓት»ም እንዲሁ ነው፤ ደቂቃዎቹ ለምን እንደተጨመሩ ይናገራል። «ተጨማሪ ሰዓት» ብንለው ግን ሰሚው በእኩል ውጤት ምክንያት ከሚጨመረው 30 ደቂቃ ጋር ያምታታዋል።

ታዲያ የአዛውንቱ ቃልም እንከን አያጣም። ወከባ ሲባል ሥርዓት የሌለው ግርግር ይመስላል። ፕሬሲንግ ግን በዕቅድ ነው፤ አንዱ ብቻውን ከሮጠ ከኋላው ክፍተት ይተዋል፣ ኳሷም በዚያ ታልፋለች። ስለዚህ የቡድኑን ስልት ስንናገር «በኅብረት ማዋከብ» ብንል ይሻላል እንላለን። ሁሉንም እንመልስ ማለታችንም አይደለም። ሐትሪክና ማራቶን ከለመዱን ቆይተዋል፤ ይኑሩ።

እኛ ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ መፈተኛ ይዘናል። አዲስ ቃል ስናወጣ ጨዋታው እየተካሄደ እንግሊዝኛ ለማያውቅ ሰው እንነግረዋለን። «ምን ማለት ነው?» ብሎ መልሶ ከጠየቀን ቃሉን እንጥለዋለን። እስቲ እናንተም «ፎልስ ናይን»ን ለአባቶቻችሁ ሞክሩላቸው። አጥቂ ተብሎ ተሰልፎ ወደ መሐል የሚሸሸውን ሰው ምን ብለው ይጠሩት ይሆን?