መህሩን ጽፈን ወርክሾፑን ለምን በዝምታ እናልፈዋለን?



በአቃቂ ቃሊቲ የኒካሕ ሽምግልና ላይ የተቀመጠ ሰው ሥርዓቱን ያውቀዋል። መህሩ ስንት ግራም ወርቅ እንደሆነ፣ ስንቱ አሁን ስንቱ በኋላ እንደሚከፈል ይጠየቃል፣ ይጻፋል፣ ይፈረማል። ሙሽራው ግን ከቃሊቲ መንገድ ዳር የብረታ ብረት ወርክሾፕ አለው፤ ስለ እሱ አንድም ቃል አይነሳም። የሚያነሳ ከተገኘ «ገና ሳይጋቡ ስለ ፍቺ ታወራለህ?» ተብሎ አፉን ይዘጋል። እኛ ይህን ዝምታ እንቃወማለን። ሐያእ መስሎ የሚታየው ዝምታ ከጥቂት ዓመት በኋላ ወይ ባልን ወይ ሚስትን ያለ አግባብ ሲያራቁት እያየን ነው።

ዝም በሉ የሚሉን ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ «በሸሪዓ የባል ንብረት የባል፣ የሚስት የሚስት ነው፤ ምን ወረቀት ያስፈልጋል?» ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። በፊቅህ ጋብቻ በራሱ ንብረት አያቀላቅልም። ነገር ግን እነዚህ ወንድሞች አንድ ነገር ይዘነጋሉ። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረው አዋጅ ቁጥር 188/1992 የጋብቻና የፍቺ ጉዳይ በሸሪዓ የሚታየው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ እንደሆነ ይደነግጋል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 34 ስምምነትን ግድ ይላል። አንደኛው ወገን «አልስማማም» ካለ መዝገቡ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ እዚያ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። «በሸሪዓ የኔ ነው» ብሎ የተማመነው ባል በማያውቀው ሕግ ይዳኛል።

ያ ሕግ ምን ይላል? በአንቀጽ 57 መሠረት በጋብቻው ቀን በእጅህ የነበረው ንብረት የግልህ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች እፎይ ብለው ንባቡን ያቆማሉ። አንቀጽ 62 ግን ከግል ንብረት የሚገኘውም ገቢ የጋራ ነው ይላል። ማሽኑ ያንተ ቢሆንም ማሽኑ የወለደው ትርፍ የሁለታችሁ ነው። አንቀጽ 63 ደግሞ ይጨምራል፤ በአንዱ ስም ብቻ የተመዘገበ ንብረት እንኳ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። የንግድ ፈቃዱ በስምህ መሆኑ ብቻውን አያድንህም ማለት ነው። ስለዚህ በኒካሕ ወረቀት ላይ «ወርክሾፑ የሱ ነው» ብሎ መጻፍ ሕጉ ቀድሞ የሰጠውን መድገም ነው። ጠቡ የሚነሳው በትርፉ፣ በእድገቱና በተተካው ዕቃ ላይ ነው።

ስለ ተተካው ዕቃ ትንሽ እንቆይ፤ ሰዎች ከሁሉ የሚስቱት ይህንን ነው። የብየዳ ማሽን ዘላለም አይኖርም። ያረጀው ለቁርጥራጭ ይሸጣል፣ አዲስ ይገዛል። ከጋብቻ በኋላ የተገዛው አዲሱ ማሽን በግል ገንዘብ የተገዛ ቢሆን እንኳ የግል ሆኖ የሚቀጥለው ፍርድ ቤት በአመልካቹ ጥያቄ እንዲህ ብሎ ሲወስን ነው፤ አንቀጽ 58 ያለው ይህንን ነው። ማሽን በለወጠ ቁጥር ፍርድ ቤት የሚሄድ ነጋዴ አይተን አናውቅም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በጋብቻው ቀን ከነበሩት ዕቃዎች አንድም አይቀርም፤ የግል የነበረው ሁሉ ቀስ በቀስ የጋራ መልክ ይይዛል።

ሁለተኛዎቹ ዝም አሰኚዎች ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ ይብሳሉ። እነዚህ ውል ይወዳሉ፤ ውላቸው ግን አንድ መስመር ነው፦ «ከንግዱ ምንም አልጠይቅም»። እንግዳ ተቀምጦ፣ ምግቡ ቀርቦ፣ ሙሽሪት ፈርሚ ትባላለች። ከዚያ ዘጠኝ ዓመት የዱቤ መዝገብ የምትይዘው፣ ለሠራተኛ ምሳ የምታበስለው፣ ባል ዕቃ ሊያመጣ ሲወጣ ደንበኛ የምትቀበለው እሷ ናት። በፊቅህም ቢሆን ይህ ድካም ስም ይፈልጋል፦ ወይ ደመወዝ ያላት ተቀጣሪ ናት፣ ወይ ሸሪክ ናት፣ ወይ በፈቃዷ ስጦታ እየሰጠች ነው። «ሽርክና» የሚለው የገበያ ቃላችን እኮ ከዐረብኛው የመጣ ነው፤ በመርካቶ ከባዕድ ሰው ጋር የምንዋዋለውን ከሚስታችን ጋር ለመዋዋል የምናፍረው ለምንድን ነው? አላህ በሱረቱል በቀራ አያ 282 የዕዳን ውል ጻፉ ብሎ ሲያዘን ለዘመድ ነው ለባዕድ ብሎ አልለየም።

ነገሩ እንዲገባን አንድ ምሳሌ በቁጥር እንይ። ሰዎቹ ምናባዊ ናቸው፣ ዓይነቱ ግን በየሰፈሩ አለ። ሙሽራው ሲያገባ አራት የብየዳ ማሽን፣ ሦስት ግራይንደር፣ አንድ ኮምፕሬሰርና የተወሰነ ቱቦላሬና ላሜራ አለው። ለብረት አቅራቢ ያለበት ዕዳ ተቀንሶ የተጣራው 500,000 ብር ነው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ወርክሾፑ አድጎ፣ አይሱዙ ተጨምሮ፣ ዕዳ ተቀንሶ 2,600,000 ብር ይወጣዋል። ሁለቱ ይለያያሉ።

ወረቀት ከሌለ ውጤቱ የሚወሰነው ነገሩን በያዘው መድረክ ነው። ሽማግሌዎች «ሁሉም የሱ» ካሉ እሷ መህሯንና የዒዳ ቀለቧን ይዛ ትወጣለች፤ ከወርክሾፑ ዜሮ። መደበኛው ፍርድ ቤት ከሄዱና እሱ የመነሻ ካፒታሉን በማስረጃ ማሳየት ካልቻለ ሁሉም የጋራ ተብሎ ለሁለት ይከፈላል፤ 1,300,000 ለእሷ። የ500,000 ብር ማስረጃ ቢያቀርብና ቢታመንለትም በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ብር ምን ያህል እንደቀለለ ሁላችንም እናውቃለን፤ ያ ገንዘብ ዛሬ ያንኑ ዝርዝር አይገዛም። አንዱ ትዳር፣ ሦስት የማይገናኙ ውጤቶች። ፍትሕ በዕጣ ሲወጣ እንዲህ ነው።

እኛ የምንለው ውል ሌላ ነው። በኒካሑ ቀን የዕቃው ዝርዝር በዓይነትና በብዛት ይጻፋል፤ በብር ብቻ አይደለም። ዕዳውም ይጻፋል። «ይህ ዝርዝር ወይም በእሱ የተተካው ተመሳሳይ ዕቃ የባል የግል ነው፤ ከዚህ በላይ ያደገው እኩል የጋራ ነው» ይባላል። በምሳሌያችን ያ ዝርዝር ዛሬ ቢገዛ 1,100,000 ብር ቢያወጣ፣ ያ የእሱ ነው። የተረፈው 1,500,000 ለሁለት ይከፈላል፣ ለእሷ 750,000 ይደርሳታል። እኩል ይሁን ያልነው ሚስት በሥራው ውስጥ ስላለች ነው። የራሷ ሥራ ያላት፣ ወርክሾፑን ረግጣ የማታውቅ ከሆነች ሌላ ድርሻ ይስማሙ፤ ግን ቁጥሩ ይጻፍ። ንግዱ የሚስት ከሆነም፣ ባልትና ወይም ወፍጮ ቤት ይሁን፣ ይኸው ነው። እንዲያውም በሸሪዓ ባል በሚስቱ ገንዘብ ላይ መብት እንደሌለው እያወቅን፣ ዝም ካልን በቤተሰብ ሕጉ ከትርፏ ግማሹን ሊጠይቃት እንደሚችል እህቶቻችን ይወቁ።

አሁን ወደ ፎርሙ እንምጣ፤ ጥሩ ውል በመጥፎ ፎርም ይወድቃል። የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 42 የጋብቻ ውል ከጋብቻው በፊት ወይም በዕለቱ እንዲደረግ ይፈቅዳል። አንቀጽ 44 ደግሞ በጽሑፍ እንዲሆንና አራት ምስክር እንዲፈርምበት ያዛል፤ ሁለት በባል፣ ሁለት በሚስት ወገን። የኒካሕ ወረቀታችን ግን በልማድ የሚይዘው ሁለት ምስክር ነው። ለኒካሑ ይበቃል፤ ለንብረት ውሉ አይበቃም። ስለዚህ የንብረቱ ውል በተለየ ወረቀት ይሁን፣ የእሷ ሁለት ምስክሮችም በእውነት የእሷ ይሁኑ እንጂ የሙሽራው ጓደኞች አይሁኑ። ረቂቁ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ለወሊይዋና ለራሷ ይድረስ፤ የሠርግ ቀን ንባብ ንባብ አይባልም። ሰነዶች ማረጋገጫ ቀርቦ ቢረጋገጥ በኋላ «ፊርማዬ አይደለም» የሚል ክርክር ይዘጋል።

ቀኑ ላይም ወጥመድ አለ። ብዙ ሰው ዛሬ ኒካሕ አስሮ ወረዳ ሄዶ የሚያስመዘግበው ከዓመታት በኋላ፣ ፓስፖርት ወይም የባንክ ብድር ሲያስፈልገው ነው። ያን ጊዜ ውል ልጻፍ ቢል ዘግይቷል፤ ሕጉ በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመን ጋብቻ ጋብቻ ብሎ ይቀበላል፣ ቀኑም የሚቆጠረው ከኒካሑ ነው። ከዚያ በኋላ ባልና ሚስት የሚዋዋሉት በአንቀጽ 73 መሠረት ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ውጤት የለውም። አሁን በትዳር ያላችሁ፣ መንገዱ አልተዘጋም፤ ግን በቤት ውስጥ ተፈራርሞ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ከንቱ ነው፣ ፍርድ ቤት ይቅረብ። ውሉ አበዳሪን እንደማያስርም ይታወቅ፤ ብረት በዱቤ የሰጠ አቅራቢ የማያውቀውን የባልና ሚስት ስምምነት አንስታችሁበት ዕዳውን ልታስቀሩበት አትችሉም።

«ስለ ፍቺ ታወራለህ» ለሚሉን ደግሞ፣ ፍቺን እንተወው፣ ስለ ሞት እናውራ፤ እሱ ለማንም አይቀርም። በምሳሌያችን ባል ቢሞትና ልጆች ቢኖሩ የሚስት ውርስ ስምንት አንድ እጅ ነው። ውል ከሌለና ወንድሞቹ ወርክሾፑን በሙሉ ውርስ ብለው ከቆጠሩት፣ ከ2,600,000 የሚደርሳት 325,000 ብር ነው። ውል ካለ ግን የራሷ 750,000 መጀመሪያ ይወጣል፤ የሟች ንብረት ያልሆነ ነገር አይወረስምና። ከቀረው 1,850,000 ስምንተኛው 231,250 ይሆናል፤ በድምሩ 981,250 ብር። ልዩነቱ ከ650,000 ብር በላይ ነው፣ የሚሸፈነውም የየቲሞች ቤት ኪራይና ትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ቀጣዩ የኒካሕ ሽምግልና ላይ የምትቀመጡ አባቶች፣ መህሩ ከተጻፈ በኋላ «የወርክሾፑ ዝርዝርስ የታል?» ብላችሁ ጠይቁ።