አንቀጽ ስላጠረ ዝርው ግጥም አይሆንም

ሰሞኑን አራት መስመር የጻፈ ሁሉ ከሥሩ «ዝርው ግጥም» ብሎ ይለጥፋል። ብዙዎቹ የእኛው የካፋ ልጆች ናቸው፤ አንዳንዶቻችሁም እኔው ያስተማርኳችሁ ናችሁ። ስለ ቦንጋ ጭጋግ፣ ስለ ማንኪራ ቡና፣ ስለ እናት ትጽፋላችሁ። በጉዳዩ ጠብ የለኝም፤ ጠቤ ከስያሜው ጋር ነው።

«ቤት ካልመታ ግጥም አይባልም» ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ሰሎሞን ዴሬሳ በ«ልጅነት» የለመድነውን አገጣጠም ካናጋው ስንት ዘመን ሆነው! ግን ልብ በሉ፤ ቤት መምቻውን የተወ ገጣሚም ስንኙ በእጁ ነው። የት ቆርጦ ወደ ታች እንደሚወርድ ራሱ ይወስናል፤ አንባቢም እዚያ ጋ ትንፋሹን ይይዛል። ዝርው ግጥም ይሄንንም ትቷል። እንደ ደብዳቤ፣ እንደ ዜና ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል። ታዲያ ውጥረቱን ከየት ያመጣል? ክርክሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

በምሳሌ እንየው። ሁለቱንም የጻፍኳቸው እኔ ስለሆንኩ ማንም አይከፋብኝ። የመጀመሪያው በየቀኑ የማነበውን ዓይነት ነው፦

«እማማ ጠዋት ጠዋት ቡና ታፈላለች። ጭሱ ቤቱን ይሞላዋል። ባሏ ከሞተ ወዲህም ሲኒውን ታስቀምጥለታለች። ፍቅር እንዲህ ነው፤ ሞት አያሸንፈውም።»

ሁለተኛው፦

«ሲኒ አራት። አንዱ ለጎረቤት፣ አንዱ ለልጅ፣ አንዱ ለራሷ። ቆልታ፣ ወቅጣ፣ አፍልታ፣ አራቱንም ሞልታ። አቦሉ ሲያልቅ ሦስቱን ታለቀልቃለች። ቶናውን ልትቀዳ ስትል አራተኛውን ደፍታ እንደገና ትሞላዋለች። በረካው ላይ ጎረቤቷ ስለ ዝናቡ ታወራለች።»

የመጀመሪያው መጥፎ አይደለም፤ ግን አንቀጽ ነው። የሚያነሳውን ጥያቄ ሁሉ ራሱ ይመልሳል። ሲኒው የማን ነው? የባሏ። ባሏስ? ሞቷል። ምን ይሁን? ፍቅር አይሞትም። ሒሳቡ ተዘግቷል፤ አንባቢ የሚሠራው ነገር አልቀረለትም።

ሁለተኛውም ሒሳብ ነው የሚመስለው፤ ይቆጥራል፣ ያከፋፍላል። ስድ ንባብ ሥራው ይሄው ነው፤ ነገርን መንገር፣ መቁጠር፣ ማስረዳት። አንባቢም አምኖት ይከተላል። ግን አራት ብሎ ጀምሮ ያደለው ሦስት ነው። ውጥረቱ እዚህ ጋ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ እንደሚነግረን ሆኖ ይመጣል፣ ዋናውን ግን አይነግረንም። ሞት የሚል ቃል የለም፣ ባል የሚል የለም። ጎረቤቷ እያየች ስለ ዝናብ ታወራለች፤ እሷም አልተናገረችም።

አማርኛ ደግሞ የራሱ መሣሪያ አለው። ግሳችን መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። «ቆልታ፣ ወቅጣ፣ አፍልታ፣ አራቱንም ሞልታ» ስንል ጆሯችን ማሰሪያ አንቀጹን ይጠብቃል፤ ሞልታ ምን አደረገች? እዚያ ጋ አራት ነጥብ ሲያርፍ ነገሩ ሳይታሰር ቀረ። ስንኝ የሚሠራውን ሥራ ሰዋስው ሠራው ማለት ነው።

«በስንኝ ብትጽፈውስ?» ትሉኝ ይሆናል። እስቲ «ሦስቱን» የሚለው ላይ ቆርጣችሁ ወደ ታች አውርዱት። ወዲያው ጣት ይቀስራል፤ «እዩ፣ ሦስት ብቻ!» ይላል። በዝርው ግን ቁጥሩ እንደ ተራ ወሬ ያልፋል፤ አንባቢው አልፎት ሄዶ ነው ዞር የሚለው። ቦድሌር በ1862 (እ.ኤ.አ.) እንዲህ ያሉ ግጥሞቹን በፓሪስ ጋዜጣ ላይ ሲያወጣ በዙሪያቸው ያለው ሁሉ የጋዜጣ ስድ ንባብ ነበር። ዝርው ግጥም የተራ ጽሑፍ ልብስ ለብሶ ነው የሚገባው።

ይሄን ስላልኩ ግን ነገር ማድበስበስ ጀምራችሁ «ውጥረት ነው» እንዳትሉኝ። «አራት» የሚለውን ባልሰጣችሁ ኖሮ የጎደለውን በምን ታውቁት ነበር? የሚደበቀው አንድ ነገር ነው፤ ወደሱ የሚያደርሰው ሁሉ ግን ጥርት ብሎ መታየት አለበት። አለዚያ እንቆቅልሽ እንኳ አይሆንም፤ ጭጋግ ነው፣ ጭጋግ ደግሞ ቦንጋ ሞልቶናል።

እንግዲህ ዛሬ የለጠፋችሁትን አውጡና የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ሰርዙት። ብዙ ጊዜ «ፍቅር እንዲህ ነው»፣ «ሕይወት እንዲህ ናት» የሚለው ነው። የቀረው ጽሑፍ ያለሱ ቆሞ እናንተኑ መልሶ ከጠየቃችሁ፣ ዝርው ግጥም በሉት፤ እኔም አጨበጭባለሁ። ያለሱ ከወደቀ ግን የጻፋችሁት አጭር ምክር ነው። ምክር ነውር የለውም፤ በስሙ ጥሩት።