«ሁለቱም ተዘግተዋል» የሚለው አንድ መስመር

ለኤችኤስጂ ምርመራ ገብታ የወጣች ሴት ብዙ ጊዜ የምትይዘው ውጤት አንድ መስመር ነው፦ «ሁለቱም የማህፀን ቱቦዎች ተዘግተዋል»። ለመሆኑ የት ላይ ነው የተዘጉት? ቱቦው ከማህፀን በሚነሳበት ጥግ ነው ወይስ በእንቁላል ማምረቻው በኩል ባለው ጫፍ? ይህ ሳይጻፍ ውጤት ተሰጠ ይባላል?

ምርመራው የሚሠራው የወር አበባ ከቆመ በኋላ፣ እንቁላል ከመውጣቱ በፊት ባሉት ቀናት ነው። አዮዲን ያለበት ፈሳሽ በማህፀን በር በኩል ይገባና በራጅ ይታያል። ፈሳሹ ባለ ሦስት ማዕዘኑን የማህፀን ክፍተት ይሞላል፤ ከላይኞቹ ሁለት ጥጎች ወደ ቱቦዎቹ ያልፋል፤ ክፍት ከሆኑም ጫፋቸው ላይ ወደ ሆድ ዕቃ ይፈስሳል። ታዲያ ጥጉ ላይ ቀጥ ቢልስ? እዚያ ያለው ጡንቻ በሕመም ወይም በግፊት ሊኮማተር ይችላል። የተኮማተረው ጥግ በፊልሙ ላይ ከእውነተኛ መዘጋት አይለይም። ፈሳሹ በቀስታ ነው የገባው? ባለሙያው ጥቂት ጠብቆ ሌላ ፊልም አንስቷል? ወይስ ሴትዮዋ በሕመም ስትጮህ በተነሳው የመጀመሪያ ፊልም ተፈረደ?

ለምሳሌ አንዲት የ29 ዓመት ሴት እናስብ። ፈሳሹ በሁለቱም ጥግ ቆመ፤ በዚያው ቀን «ያለ አይ ቪ ኤፍ አትወልጂም» ተባለች። ከወር በኋላ አስቀድማ የሕመም ማስታገሻ ወስዳ ምርመራው ሲደገምላት የቀኙ ቱቦ ሞልቶ ፈሰሰ። በግራው ግን ፈሳሹ እስከ ጫፉ ሄዶ ቱቦው እንደ ፊኛ ተነፍቶ ቀረ። የቀኙ መኮማተር ብቻ ነበር ማለት ነው። የግራው እውነተኛ መዘጋት ነው፤ ምልክት ሳያሳይ ባለፈ የክላሚዲያ ኢንፌክሽን ምክንያት ሊመጣ ይችላል። በውስጡ የታቆረው ፈሳሽ ወደ ማህፀን እየተመለሰ ፅንስ እንዳይይዝ ስለሚያውክ፣ አይ ቪ ኤፍ ካስፈለገም ቱቦው ቀድሞ እንዲወጣ ወይም እንዲታሰር ይመከራል። በሁለተኛው ፊልም የታየው ይህ ሁሉ፣ በመጀመሪያው ወረቀት የት ነበር?

ኤችኤስጂ የማያሳየውም አለ። ከቱቦው ውጭ ያለውን መጣበቅ ብዙ ጊዜ ያልፈዋል፤ ክፍት የሆነ ቱቦም እንቁላሉን ላይቀበል ይችላል። ጥርጣሬ ሲኖር በላፓራስኮፒ፣ ሰማያዊ ቀለም በማህፀን በኩል እየገባ ከቱቦው ጫፍ ሲወጣ በዓይን ይታያል። ቀዶ ጥገና ስለሆነ ለሁሉም አይታዘዝም፤ ሊኖር እንደሚችል እንኳ ለታካሚዋ የሚነግራት ስንቱ ነው?

የባልየው የዘር ፈሳሽ ምርመራስ? ሕመም የለውም፣ ዋጋውም ይቀላል። ለምን ሚስቱ ራጅ ላይ ከተጋደመች በኋላ ይታዘዛል?

ወረቀቱን የሚፈርመው ሐኪም መዘጋቱ የታየበትን ቦታ፣ ቆይቶ የተነሳ ፊልም መኖሩንና የመኮማተር ጥርጣሬውን በሦስት ተጨማሪ መስመር ለመጻፍ ምን ያግደዋል?