«ሙገሳ አይወድም» እያላችሁ ሰው አትቅበሩ



ሰሞኑን እዚሁ ዋጃ ቀብር ላይ ነበርኩ። የሟች የህይወት ታሪክ ሲነበብ፣ ስንት ዓመት አብሯቸው የሰራ ሰው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ይሄን ሁሉ ሰርተዋል እንዴ?» አለኝ። እንዴት ሳታውቅ ቀረህ ብለው፣ «እሳቸው እኮ ሙገሳ አይወዱም ነበር» አለ።

እኔ ይህቺን አባባል አምርሬ ነው የምጠላት። ትሁት ሰው የሚሸሸው ጫጫታውን እንጂ ምስጋናውን አይደለም። «አይወድም» የምንለው ለእሱ አዝነን ሳይሆን ለራሳችን ስለሚቀለን ነው። አለቃው ደብዳቤ ከመጻፍ ይድናል፣ ባልደረባው ከማመስገን ይድናል። የደረጃ እድገት ሲመጣ ደግሞ ስራውን ሲያስለፍፍ የኖረው ማህደሩ ሞልቶ ይገኛል፣ የዝምተኛው ባዶ ይሆናል። ይሄ ትህትናን ማክበር ነው? ትህትናን መቅጣት ነው!

«ታዲያ መድረክ ላይ አውጥተን እናወድሰው» የምትሉ ደግሞ ቆይ፣ የእኔን ጥፋት ልንገራችሁ።

ዓመታት አልፈዋል። የትምህርት መዝጊያ በዓል ላይ፣ ወላጅ ተሰብስቦ፣ ማይክ ሰጡኝ። አንድ አንጋፋ የሒሳብ መምህር ነበሩ፣ እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ሳላስጠነቅቃቸው መድረክ ላይ ጠራኋቸው። «እንደ አንዳንዶቻችን ደወል ጠብቀው የማይወጡ፣ በደሞዛቸው ለድሃ ተማሪ ደብተር የሚገዙ!» አልኩ። ጭብጨባው ቀለጠ። እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ። ደብተር የገዙላቸው ልጆችም ፊት ለፊት ተቀምጠው አንገታቸውን ደፍተዋል። በማግስቱ መምህራን ክፍል ሲገቡ አንዱ «ጻድቁ መጡ፣ ተነሱላቸው» አለ። ሁሉም ሳቀ። ከዚያ በኋላ ከእሳቸው ጋር ሻይ የሚጠጣው ሰው አነሰ።

ቤታቸው ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ያሉኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁም፦ «አንተ እኮ እኔን አላመሰገንክም። በእኔ አፍ ጓደኞቼን ሰደብክ።»

እውነታቸውን ነው። «እንደ አንዳንዶቻችን» ስል ጥርብ ድንጋይ ወረወርኩ፣ ያረፈው ግን እሳቸው ላይ ነው። የደብተሩ ነገር ደግሞ የእኔ ምስጢር አልነበረም፣ የእሳቸውም ብቻ አልነበረም፣ የልጆቹም ነበር። ድንገት መጥራቴም እምቢ የማለት መብታቸውን ነጠቀ። ሕዝብ እያጨበጨበ ማን እምቢ ይላል?

በሌላው ዓመት ቀድሜ ቡና ላይ ጠየቅኳቸው። «ስለ ማጠናከሪያ ትምህርቱ ብቻ ተናገር። ስለ ደብተሩ ዝም በል። የፊዚክሱን መምህር ከእኔ ቀድመህ ጥራ፣ ቅዳሜን አብሮኝ ነው የሚውለው። ንግግር አድርግ እንዳትለኝ» አሉ። እንዳሉት አደረግሁ። ከተቀመጡበት ሳይነሱ፣ ከሁለት ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱ መምህራን ምን እንደሚያስተምሩ ተናገርኩ። «ታላቅ»፣ «ብርቅዬ» የሚል ቃል አልወጣኝም። ከዚያ ያው ነገር በደብዳቤ ተጽፎ ቁጥርና ማህተም ይዞ በሁለቱም ማህደር ገባ። ሰኞ ዕለት የኬሚስትሪው መምህር «ቅዳሜ እኔም ልምጣ?» አላቸው። ልዩነቱን አያችሁት? ከመጥፎ ሙገሳ በኋላ ባልደረባ ይርቃል፣ ከደህናው በኋላ ይጠጋል። መለኪያው ይሄ ነው፣ ጭብጨባው አይደለም።

ከእኛ ሰፈር ራቅ ብለን የማሚቱ ጋሼን ነገር እንይ። በፊስቱላ ታማ ለመታከም አዲስ አበባ መጣች፣ ከዚያ አልጋ ከማንጠፍ ተነስታ፣ የቀለም ትምህርት ሳትማር፣ ከሐምሊኖች እጅ ቀዶ ጥገናውን ተማረች። በእ.ኤ.አ. 1989 የእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ የወርቅ ሜዳሊያ ሲሰጣት ከዶክተር ሬጅ እና ከዶክተር ካትሪን ሐምሊን ጋር በአንድነት ነበር። ሽልማቱ የተሰጠው ለቀዶ ጥገና ነው። ምስጋናው እጇ በሰራው ስራ ላይ አረፈ፣ ካስተማሯት ጎን አቆማት እንጂ ማንንም አላሳነሰባትም።

«ቀድሞ መጠየቅ ድንገተኛውን ደስታ ያጠፋል» የሚለኝ አለ። የማን ደስታ? የሚደሰተው ማይክ የያዘው ነው፣ ትሁቱማ ላቡ ነው የሚወርደው። ተጠይቆ «በፍጹም በአደባባይ አታንሱኝ» ካለስ? አታንሱት! ደብዳቤውን ግን አሳይታችሁት፣ እሺ ካለ፣ ማህደሩ ውስጥ አስገቡ።

አሁን በየመስሪያ ቤታችሁ አንድ እንዲህ ያለ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ስሙን እዚህ ኮሜንት ላይ እንዳትጽፉብኝ! መጀመሪያ ራሱን ጠይቁት።