መዝገቡ ዝም ሲል፦ በወረዳ የመሬት ጽሕፈት ቤት መረጃን ከሚቋጥር ባልደረባ ጋር መሥራት

መረጃን ለራሱ ቋጥሮ ሌሎችን ጥገኛ የሚያደርግ ሠራተኛ ሲያጋጥም፣ ባልደረቦቹ ነገሩን የጠባይ ጉድለት አድርገው ይወስዱታል። ሰውየው ይታማል፣ ይለመናል፣ አንዳንዴም ይፈራል፤ አሠራሩ ግን እንዳለ ይቀጥላል። የገጠር መሬት መዝገብ እንደሚያሳየው፣ እንዲህ ያለ ሰው ኃይሉን የሚያገኘው መዝገቡ በሚለውና መሬቱ ላይ ባለው እውነት መካከል ካለው ክፍተት ነው። ስለዚህ አብሮት የሚሠራ ሰው ጥረቱን ማዋል ያለበት ያንን ክፍተት በጽሑፍ በመሙላት ላይ ነው።

በቢቸናና በሞጣ አካባቢ ስለ መሬት የሚያውቅ ሰው በማያውቀው ላይ ያለው ብልጫ የቆየ ታሪክ አለው። በርስት ሥርዓት መሬት የሚጠይቅ ሰው ትውልዱን እስከ ዋናው አባት ድረስ መቁጠር ነበረበት። የትውልዱን ሐረግና የድርሻውን አከፋፈል የሚያውቅ ሽማግሌ የሚፈለግ ሰው ነበር። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ሞጣና ቢቸና የገበሬዎቹ ዐመፅ ዋና ማዕከላት ሆኑ። ከተቃውሞው ምክንያቶች አንዱ፣ ግምቱ መሬት ለመለካትና ርስትን ለመንጠቅ የተዘጋጀ ዘዴ ነው የሚል ሥጋት ነበር። ገበሬው ራሱ ሊያነበው የማይችለውን የመንግሥት መዝገብ የሚጠራጠርበት በቂ ታሪክ ነበረው።

የአማራ ክልል በአዋጅ ቁጥር 46/1992 መሠረት የጀመረው የይዞታ ምዝገባ ይህን ታሪክ ለመለወጥ ያለመ ነበር። ባለይዞታው ደብተር ተቀበለ፤ ስሙና ማሳዎቹም በመዝገብ ሰፈሩ። ሆኖም በመጀመሪያው ዙር ምዝገባ ማሳው ካርታ አልነበረውም። ስፋቱ በገመድ ይለካል፣ ወሰኑም በአራቱም አቅጣጫ ባሉት አዋሳኞች ስም ይገለጻል። አዋሳኙ ሲሞት፣ መሬቱን ለልጁ ሲያወርስ ወይም በስጦታ ሲያስተላልፍ፣ ለውጡ ወዲያው ካልተመዘገበ መዝገቡ ከእውነቱ እየራቀ ይሄዳል። በየዓመቱ የሚከማቸው ይህ ያልተጻፈ ለውጥ ደግሞ የሚቀመጠው በአንድ ነባር ባለሙያ ጭንቅላትና በግል ማስታወሻ ደብተሩ ውስጥ ነው።

አሠራሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ጉዳይ በምናብ ይታይ። አንዲት ሴት ከሟች አባቷ የወረሰችውን ማሳ በስሟ ለማዛወር የፍርድ ቤት የወራሽነት ውሳኔ ይዛ ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ትመጣለች። አዲስ የተመደበው ባለሙያ መዝገቡን ሲከፍት፣ በምሥራቅ በኩል አዋሳኝ ተብሎ የተጻፈው ሰው ከብዙ ዓመት በፊት የሞተ መሆኑን ይሰማል። አሁን በዚያ ማሳ ላይ ያለው ማን እንደሆነ ከመዝገቡ አይገኝም። ነባሩ ባለሙያ ግን ያውቃል፤ ጉዳዩ ከዚህ ቀደም በእርሱ እጅ አልፏልና። በዚያ ዕለት ለመስክ ሥራ ከወጣ ባለጉዳይዋ «እርሱ ሲመለስ ነይ» ትባላለች። ሲመለስ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ስሙን ይናገራል፣ ጉዳዩም ያልቃል። ሴትዮዋ ታመሰግነዋለች፣ ኃላፊውም «ያለ እርሱ ምን ይውጠን ነበር» ይላል። የተናገረው ስም ግን አሁንም በመዝገቡ ላይ አልሰፈረም፤ በሚቀጥለው ወር የሌላው አዋሳኝ ወራሽ ሲመጣ ያው ፍለጋ እንደገና ይጀመራል።

እዚህ ላይ ችሎታንና ቋጣሪነትን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ብዙ ማወቅ ጥፋት አይደለም፤ ነባር ባለሙያ ከሌሎች ይልቅ ማወቁ የሚጠበቅ ነው። መለያው ለጥያቄ የሚሰጠው መልስ ነው። ባለሙያው «ይህን ከየት አገኙት?» ተብሎ ሲጠየቅ ገጹን፣ ፋይሉን ወይም የነገረውን የኮሚቴ አባል ካሳየ ዕውቀቱ ለሌላው ይተላለፋል። ሁልጊዜ መልሱን ብቻ ሰጥቶ መንገዱን የሚሸሽግ ከሆነ፣ ጠያቂው ነገም ተመልሶ ወደ እርሱ ይመጣል። ሁለተኛው ምልክት በዓመት ፈቃዱ ወቅት ይታያል፤ የሚቆሙት ጉዳዮች ከባዶቹ ብቻ ከሆኑ የችሎታ እጥረት ነው፣ ቀላሎቹም አብረው ከቆሙ ግን መረጃው ታስሯል።

አብሮት የሚሠራው ወጣት ባለሙያ «የሚያውቁትን ሁሉ ያስተምሩኝ» ብሎ ቢጠይቅ ብዙ አያተርፍም። ጥያቄው ሰፊ ስለሆነ በቀላሉ ይታለፋል፤ ነባሩም ቦታውን ሊነጠቅ እንደሆነ ይሰማዋል። የተሻለው መንገድ በአንድ ጉዳይ ላይ፣ መዝገቡ ተከፍቶ ሳለ፣ በአክብሮት መጠየቅ ነው፦ «ጋሼ፣ ይህ ለውጥ የት ላይ ተጽፏል? ካልተጻፈስ አሁን እንጻፈው?» መልሱ እዚያው በጉዳዩ ፋይል ውስጥ በቀን፣ በመረጃ ሰጪው ስምና በሁለቱም ባለሙያዎች ፊርማ ይሰፍራል። በመዝገቡ ላይ የሚደረገው ለውጥ ግን በቃል ምስክርነት ብቻ ሊፈጸም አይገባውም፤ የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ካረጋገጠና የሚመለከተው ባለይዞታ ካመለከተ በኋላ በሥርዓቱ ይከናወናል። በቀን ሁለት ጉዳይ እንኳ እንዲህ ቢጻፍ፣ የግል ማስታወሻው ለባልደረቦች ያለው አስፈላጊነት እየቀነሰ ይሄዳል።

የቀረው ድርሻ የኃላፊው ነው። ነባሩ ባለሙያ የሚቋጥረው ብዙውን ጊዜ ከፍርሃት ነው፤ ዲግሪ የያዙ ወጣቶች ሲመጡና ሥራው ወደ ኮምፒውተር ሲዞር፣ የማይተካ መሆን ብቸኛ ዋስትናው ይመስለዋል። መረጃውን ካስረከበ በኋላ ወደማይፈልገው ቦታ የሚዛወር ከሆነ ፍርሃቱ ትክክል ነበር ማለት ነው፤ የሚያዩት ሌሎችም ከእርሱ ይማራሉ። ስለዚህ በሥራ አፈጻጸም ምዘና ላይ ራሱ ከጨረሳቸው ጉዳዮች ጋር፣ ሌሎች እርሱ ባስጻፈው መረጃ የጨረሷቸውም ሊቆጠሩለት ይገባል። ባለሙያዎች የያዟቸውን ቀበሌዎች በየጊዜው መቀያየራቸውም አስፈላጊ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል፤ ሸክሙ የሚቀለው ግን ተሸካሚው ሎሚውን በማካፈሉ እንደማይጎዳ ሲያውቅ ነው።

ይህ መንገድ ወሰን አለው። ዝምታው ጉቦ የሚጠየቅበት መሣሪያ ከሆነ ጉዳዩ ከባልደረቦች መግባባት ወጥቶ ወደ ሕግ መሄድ አለበት። ካርታ ያለው የሁለተኛው ዙር ምዝገባም ብቻውን መድኃኒት አይሆንም። ካርታው የማሳውን ቅርጽና ቦታ ያሳያል፤ ያልተመዘገበ ውርስን ግን አያሳይም። የሥርዓቱን የይለፍ ቃል አንድ ሰው ብቻ ከያዘው ደግሞ፣ የድሮው ቋጣሪ በአዲስ ወንበር ተቀመጠ ማለት ነው።

ነገሩ ተመራማሪዎችንም ይነካል። ለጥናት የባለይዞታዎችን ዝርዝር ከወረዳ የሚጠይቅ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ወደዚያው ሰው ይመራል፤ የሚቀበለውም ሰውየው በቃሉ ያረመው ዝርዝር ሊሆን ይችላል። ይህን ለመፈተሽ ሃያ ይዞታዎችን በዕጣ መርጦ፣ የአሁኑን ባለይዞታና አዋሳኞች ሁለት ባለሙያዎች ለየብቻቸው ከመዝገቡ እንዲያወጡ ማድረግ ይቻላል። ሁለቱ የሚለያዩባቸው ይዞታዎች ብዛት የመዝገቡን ዝምታ ይለካል፤ ይህም ቁጥር በጥናቱ የአሠራር ዘዴ ክፍል ውስጥ ሊጻፍ ይገባዋል።