ደብዳቤው ቃል ይገባል፣ መጠይቁ ያፈርሳል

የሥራ ባልደረቦቼ፣ ከእኔ ጋር በዚህ ሙያ ያረጃችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ወቅት በደረሰ ቁጥር በየክፍሉ የሚበተነውን መጠይቅ ታውቁታላችሁ። የመጀመሪያው ገጽ ተማሪዎችን ወደ ጥናቱ የሚጋብዝ ደብዳቤ ነው። አንዱ ተመካሪ ከቀደመው እየገለበጠ ስላወረሰው ዛሬ በየትኛውም ዲፓርትመንት ያው ነው፤ ዓላማው ለመመረቂያ ማሟያ መሆኑ፣ መልሱ በምሥጢር እንደሚጠበቅ፣ ስም መጻፍ እንደማያስፈልግ፣ መሳተፍም በፈቃድ እንደሆነ ይናገራል። ልጆቹ አያነቡትም። እኛም፣ እውነቱን እንነጋገር፣ ዓይናችንን ጣል አድርገንበት እናልፋለን። ጥናቱ የሚጸድቀው ግን በእኛ በአማካሪዎቹ ፊርማ ነው። ያ ደብዳቤ የማንጠብቀውን ቃል እየሰጠ ነውና ሳይረፍድ ልንገራችሁ።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንዲት የማስተርስ ተማሪ በግቢው ውስጥ ስለሚደርስ ፆታዊ ትንኮሳ ታጠናለች እንበል። መጠይቁን የምትበትነው 41 ተማሪዎች ላሉት የሦስተኛ ዓመት ክፍል ነው፤ ሴቶቹ 6 ናቸው። ደብዳቤው «ስምዎን አይጻፉ» ይላል። ገጹ ሲገለበጥ ግን ክፍል አንድ ይመጣል፦ ፆታ፣ ዕድሜ፣ ዲፓርትመንት፣ ዓመት፣ የመጡበት ክልል፣ ሃይማኖት፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ አማካይ ውጤት። ከስድስቱ ሴቶች ያገባችው አንዲት ብቻ ናት። ከአንድ ክልል የመጣችው ሌላዋ ደግሞ ብቻዋን ናት። ሁለቱ ሣጥኖቻቸው ላይ ምልክት ባደረጉባት ቅጽበት ስማቸውን የጻፉ ያህል ነው። ከዚያ በታች «ትንኮሳ ያደረሰብዎ ማን ነው?» የሚል ጥያቄ አለ፤ ከምርጫዎቹ አንዱ «መምህር» ነው።

አሁን ወረቀቱ በማን በማን እጅ እንደሚያልፍ ተከተሉ። የሚሰበስበው የክፍሉ ተጠሪ ነው። ኮምፒውተር ላይ የሚያስገባው የዚያው ዲፓርትመንት ረዳት መምህር ነው። ዋናውን ወረቀት አማካሪው ሊያይ ይጠይቃል፤ መብቱም ነው። ክፍት ጥያቄ ካለበት ደግሞ የእጅ ጽሑፍ አለ። የፈተና ወረቀት ስናርም የኖርን ሰዎች የተማሪዎቻችንን ፊደል አጣጣል አናውቅም ብለን ራሳችንን አናታልል።

ስም አለመቀበል አንድ ነገር ነው፤ ስም አውቆ መደበቅ ሌላ። ደብዳቤው ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ይምላል፣ ብዙ ጊዜም አንዱንም አያደርግም። መድኃኒቱ አስቸጋሪ አይደለም፤ ሥራው ግን ከኅትመት በፊት ነው። አማካሪው ተመካሪውን «ሃይማኖትን በየትኛው ሠንጠረዥ ልትጠቀምበት ነው?» ብሎ ይጠይቀው። መልስ ከሌለው ጥያቄው ይውጣ። ዕድሜ በቁጥር ሳይሆን ሰፋ ባለ የዓመት ክልል ይጠየቅ። ከዚያ የክፍሉን ዝርዝር ይዞ መቁጠር ነው፤ መልሶቹ ሲጣመሩ ከአምስት ያነሰ ሰው የሚቀርበት ቡድን ካለ ከሌላው ጋር ይቀላቀል። አምስት የተቀደሰ ቁጥር አይደለም፤ ብዙ አጥኚዎች የሚይዙት መነሻ ነው። በእኛ ትንንሽ ክፍሎች ግን እሱ እንኳ ቢጠበቅ ስንቷን በሸሸገ።

ይህ የድሃ ዩኒቨርሲቲ ችግር ነው የሚል ካለ የሃርቫርድን ይስማ። በእ.ኤ.አ. 2008 የዚያ ተመራማሪዎች የአንድ ዓመት ገቢ ተማሪዎችን የፌስቡክ መረጃ ሰብስበው፣ ስሞቹን አውጥተው፣ ለሌሎች አጥኚዎች ለቀቁት። የዩኒቨርሲቲውን ስም ደብቀዋል፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴያቸውም አጽድቆላቸዋል። ነገር ግን ከመረጃው ጋር የወጣው መግለጫ ክፍሉ መጀመሪያ 1,640 ተማሪ እንደነበረው፣ ተቋሙ በኒው ኢንግላንድ የሚገኝ የግል ተቋም መሆኑን፣ የሚሰጣቸውንም የትምህርት ዓይነቶች ይዘረዝር ነበር። ማይክል ዚመር የተባለው ምሁር መረጃውን ራሱን እንኳ ሳያወርድ፣ ለሕዝብ ክፍት ከነበረው ጽሑፍ ብቻ ተነሥቶ ሃርቫርድ መሆኑን ለየው። ተቋሙ ከታወቀ በኋላ ከአንድ አገር ብቻውን የመጣን ተማሪ ለማግኘት ምን ያህል ይደከማል? መረጃው በኋላ ከኢንተርኔት ተነሣ። እነዚያ ልጆች ደግሞ የመጋበዣ ደብዳቤ እንኳ አልደረሳቸውም፤ ማንም አልጠየቃቸውም። የእኛዎቹ ተጠይቀው፣ ቃል ተገብቶላቸው ነው የሚጋለጡት፤ ይኼ ለእኔ ይብሳል።

ደብዳቤው የሚጠቅሰው ዓላማ ላይ ብዙ አልቆይም። «ለትምህርት ዓላማ ብቻ» የሚለው ሐረግ ጥናቱ ወደ ጆርናል እንደሚሄድ፣ ጆርናሉም ጥሬውን መረጃ ሊጠይቅ እንደሚችል አይናገርም። ይነገር።

ፈቃደኝነት ግን ያሳስበኛል። መጠይቁ የሚበተነው በአብዛኛው በገዛ መምህራቸው ክፍለ ጊዜ፣ በሩ ተዘግቶ፣ በረድፍ እየታደለ ነው። ፈቃዱ ያልሆነ ተማሪ ምን ያድርግ? ባዶ ወረቀት በመምህሩ ፊት ሊመልስ ነው? ውጤቱ ገና ያልገባለት ልጅ ይህን አያደርገውም፤ ይሞላዋል፣ ግማሹንም እንዳሻው ይሞላዋል። ሁሉም መልስ «እስማማለሁ» ላይ ተሰልፎ የተገኘበትን ወረቀት ስታዩ ስንፍና አትበሉት፤ እምቢ ማለት ያልቻለ ሰው እምቢታ ሊሆን ይችላል። መምህሩ ይውጣ። የሚያስተምራቸው ያልሆነ ሰው ይበትን። ለሁሉም ፖስታ ይሰጥ፣ የሞላውም ያልሞላውም እኩል አሽጎ ሳጥን ውስጥ ይክተት። ያኔ ማን እንዳልሞላ አይታይም።

በጎግል ፎርም የሚሰበስቡት ከዚህ ያመለጡ ይመስላቸዋል። ቅንብሩ የመልስ ሰጪውን ኢሜይል እንዲመዘግብ ከተደረገ ግን «ስም አያስፈልግም» የሚለው ደብዳቤ ከላይ ተቀምጦ ከታች አድራሻው ከመልሱ ጎን ይሰፍራል። እያንዳንዱ ጥያቄ የግዴታ ቀይ ኮከብ ከተደረገበትም «ያልፈለጉትን መዝለል ይችላሉ» ያልነው ውሸት ይሆናል፤ ፎርሙ አያሳልፋቸውም።

«በማንኛውም ጊዜ ማቋረጥ ይችላሉ» የምንለውም አለ። ስም የሌለበት ወረቀት ሳጥን ከገባ በኋላ ተማሪዋ በማግስቱ መጥታ «የኔን አውጡልኝ» ብትል የትኛውን እናወጣለን? ስለዚህ ደብዳቤው ድንበሩን ይናገር፦ ፖስታውን ሳጥን ውስጥ እስኪከቱ ድረስ መተው ይችላሉ፤ ከዚያ በኋላ የእርስዎን ለይተን ማውጣት አንችልም። እንዲህ ብሎ የጻፈ ተመካሪ ካጋጠማችሁ «ለምን ከተለመደው ወጣህ?» ብላችሁ አታሰርዙት።

በየቢሮአችሁ መደርደሪያ ላይ ያለውንም ተመልከቱ። የሥነ ምግባር ኮሚቴው የፈቃድ ፊርማ ስለሚጠይቅ ተማሪው ሙሉ ስሙን ጽፎ ይፈርማል፣ ያ ቅጽም ከመልሱ ጋር በስቴፕለር ይያያዛል። ስም አልባ ያልነው መልስ ባለቤቱን ተሸክሞ በክፍት ቢሮ ዓመታት ይቀመጣል። ቅጾቹን ከመልሶቹ አላቅቋቸው፣ በሌላ ክፍል በሚቆለፍ ሣጥን ውስጥ አኑሯቸው፣ መቼ እንደሚወገዱም ቀኑን ጻፉበት። ለአዲሶቹ ጥናቶች፣ ጉዳዩ እንደ ትንኮሳው ያለ ሲሆን፣ ያለ ፊርማ በቃል ፈቃድ ብቻ እንዲካሄዱ ኮሚቴውን በጽሑፍ ጠይቁት፤ ተማሪዋን ከጥናቱ ጋር የሚያገናኛት ብቸኛው ወረቀት ያ ፊርማ ከሆነ፣ ጥያቄያችሁ በቂ ምክንያት አለው።